ልጃችን ለሳምንታት ከትምህርት ቤት ሊቀር ነው፤ ለርዕሰ መምህሩ የሚጻፈው የፈቃድ ደብዳቤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአንድ ቀን ቀሪ ቀላል ነው። በዲያሪ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ መፈረም ይበቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ፈተና ያልፋል፣ የቤት ሥራ ይከማቻል፣ በቀሪ መዝገቡ ላይ ተከታታይ ምልክት ይሰፍራል። ከዚህ በታች ያሉት ወላጆች ቤተሰብ ለመጠየቅ፣ ለሠርግ ወይም ለሌላ የቤተሰብ ጉዞ ልጅ ይዘው ሊሄዱ ሲሉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ደብዳቤ የግድ ነው? ለክፍል ኃላፊው መምህር በቃል ብነግራቸው አይበቃም?

ለመምህሩ መንገር ጥሩ ነው፣ እንዲያውም መጀመሪያ መነገር ያለበት ለእሳቸው ነው። ግን አይበቃም። የክፍል ኃላፊው ስም ይጠራሉ፣ ቀሪ ይመዘግባሉ፤ ረዘም ያለ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ግን አብዛኛውን ጊዜ የርዕሰ መምህሩ ነው። በቃል የተባለ ነገር ደግሞ መምህሩ ሲታመሙ ወይም ክፍል ሲቀይሩ አብሮ ይጠፋል። የሒሳብ መምህሯ ምንም አልሰሙም፤ ፈተናው ቀን ልጁ የለም፤ ዜሮ ይገባለታል። ከዚያ በኋላ «እኔ እኮ ነግሬያለሁ» ብሎ መከራከር አድካሚ ነው።

ደብዳቤው የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው፦ ርዕሰ መምህሩ ያነቡታል፣ ዳር ላይ «ተፈቅዷል፣ የክፍል ኃላፊውና የትምህርት ዓይነት መምህራን ይወቁት» ብለው ይመሩበታል፣ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ በልጁ ፋይል ይገባል። ስለዚህ ስትጽፉ አንድ ነገር አስቡ። ርዕሰ መምህሩ እናንተን ስልክ ሳይደውሉ፣ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ እዚያው ላይ ሊወስኑበት ይችላሉ ወይ? ካልቻሉ ደብዳቤው አልተሟላም።

መቼ ነው መጻፍ ያለበት?

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ቀነ ገደብ ካለው በተማሪዎች መመሪያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ እሱን ተከተሉ።

ዋናው ነገር ግን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት መጠየቅ ነው። ብዙ ሰው ቲኬቱን ይቆርጥና ደብዳቤውን ለስሙ ያስገባል፤ «ቲኬት ስለቆረጥን ይፈቀድልን» ይላል። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲያነቡ የሚሰማቸው ግልጽ ነው፦ ውሳኔው አልቋል፣ እኔን የጠየቁኝ ለፎርማሊቲ ነው። ከዚያ ሌላ ጥቅምም አለው። ቀድማችሁ ስትጠይቁ «ጉዞው በአንድ ሳምንት ቢገፋ አጋማሽ ፈተናው ያልፋል» የሚል ምክር ልታገኙ ትችላላችሁ። ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ያ ምክር ለማንም አይጠቅምም።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ምን መግባት አለበት?

የልጁ ሙሉ ስም፣ ክፍልና ምድብ መጀመሪያ ይቀመጡ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሁለት ተማሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት መገኘታቸው ብርቅ አይደለም።

ከዚያ ቀኖቹ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ደብዳቤ የሚሳሳተው። «ለሦስት ሳምንት ያህል» የሚል ቃል ለመዝገብ አይሆንም። ሦስት ቀን ጻፉ፦ የመጀመሪያው የሚቀርበት ቀን፣ የመጨረሻው የሚቀርበት ቀን፣ ክፍል የሚመለስበት ቀን። የሳምንቱንም ቀን ጨምሩ፣ ሐሙስ ወይም ሰኞ ብላችሁ፤ የቁጥር ስህተት ካለ ወዲያው ይታያል። «እስከ ኅዳር 24» ብቻ ከተባለ 24 ላይ ይመጣል ወይስ 25 ላይ? መምህሩ አንደኛውን ይገምታሉ፣ እናንተ ሌላውን።

ቀጥሎ የሚቆጠረው የትምህርት ቀን እንጂ የቀን መቁጠሪያ ቀን አይደለም። ቅዳሜና እሑድን፣ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበትን ቀን ሁሉ አውጡና ቁጠሩ። 21 ቀን የሚመስለው ጉዞ 15 የትምህርት ቀን ሊሆን ይችላል። ይሄ ለእናንተም ይጠቅማችኋል፣ ምክንያቱም 15 ከ21 ይልቅ ለመፍቀድ ቀላል ቁጥር ነው። ውሸትም አይደለም፣ መዝገቡ ላይ የሚገባው እሱ ነው።

ከዚያ ምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በመካከሉ ያለው ፈተናና የሚረከብ ሥራ፣ የምትጠይቁት ነገር፣ የእናንተ ስልክ፣ ፊርማ። አለቀ። ከአንድ ገጽ አይለፍ።

ናሙና ማየት እችላለሁ?

ከታች ያለው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እናት እንደምትጽፈው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ቀኖቹን በራሳችሁ ለውጡ።

ቀን፦ ዓርብ ጥቅምት 7

ለ………… ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለ15 የትምህርት ቀናት ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ የተማሪ ………… (6ኛ ክፍል፣ ምድብ «ለ») እናት ስሆን፣ የልጄ አያት በዕድሜ ገፍተው ስለታመሙ መላው ቤተሰባችን ሄደን ልንጠይቃቸው አስበናል። ሩቅ ቦታ በመሆኑ በእረፍት ቀናት ብቻ ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ ልጁን የምንተውለት ሰውም የለንም።

በዚህ ምክንያት ልጄ ከሐሙስ ኅዳር 4 እስከ ረቡዕ ኅዳር 24 ድረስ ከትምህርት ገበታው እንዲቀር እንዲፈቀድለት እጠይቃለሁ። ሐሙስ ኅዳር 25 ጠዋት ክፍሉ ይገኛል።

ከክፍል ኃላፊው መምህር እንደተረዳሁት በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሳይንስ ፕሮጀክት ማስረከቢያ (ሐሙስ ኅዳር 11) እና የሒሳብ ፈተና (ረቡዕ ኅዳር 17) አሉ። ፕሮጀክቱን ከመሄዳችን በፊት ረቡዕ ኅዳር 3 ያስረክባል። የሒሳብ ፈተናውን ከተመለሰ በኋላ ትምህርት ቤቱ በሚወስነው ቀን እንዲፈተን፣ መቅረቱም «በፈቃድ» ተብሎ እንዲመዘገብለት በትሕትና እጠይቃለሁ።

መምህራን የሚሸፍኑትን ምዕራፍ ቢነግሩን የመማሪያ መጻሕፍቱን ይዘን ስለምንሄድ በየቀኑ እንዲያነብ አደርጋለሁ። ለተጨማሪ ማብራሪያ በስልክ ቁጥር ………… ማግኘት ይቻላል።

ከሰላምታ ጋር
………… (ስምና ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለክፍል ኃላፊ መምህር

እስቲ ቀኖቹን አብረን እንቁጠር። ኅዳር 4 እና 5 ሁለት ቀን ናቸው። ከሰኞ 8 እስከ ዓርብ 12 አምስት። ከሰኞ 15 እስከ ዓርብ 19 አምስት። ከሰኞ 22 እስከ ረቡዕ 24 ሦስት። ድምሩ 15። ቤተሰቡ ቤቱ የሚገባው ማክሰኞ ኅዳር 23 ማታ ነው እንበል፤ ረቡዕን ለዕረፍት ተውት። በረራ ከዘገየ ወይም ልጁ ድካም ከበዛበት ያ አንድ ቀን ያድናል። ሌሊት ገብቶ ጠዋት ክፍል የተቀመጠ ልጅ ምን እንደሚማር መገመት አያቅትም።

ሌላ ልብ በሉ። እናቷ «ሁኔታውን ተረድታችሁ ተባበሩን» ብላ አላለፈችም። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ ይቅር፣ ፈተናው በሌላ ቀን ይሁን፣ መዝገቡ በፈቃድ ይባል። ሦስቱም ላይ አዎ ወይም አይ ማለት ይቻላል።

«በፈቃድ» ከተባለ ልጁ እንደተገኘ ይቆጠራል ማለት ነው?

አይደለም፣ እና ይሄ ብዙ ወላጅ የሚደናገርበት ነው። በፈቃድ የቀረ ልጅም ቀሪ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከመቅረቱ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። በፈቃድ ሲሆን ብዙ ትምህርት ቤቶች ያመለጠውን ፈተና ያስፈትናሉ፣ የዘገየ የቤት ሥራ ይቀበላሉ። ያለፈቃድ ሲሆን ግን ዜሮ ሊገባ ይችላል፣ ወላጅ ይጠራል፣ ከተደጋገመም ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

አጠቃላይ የቀሪ ቀን ቁጥር ላይ ግን ፈቃዱ ላያድን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ቀኖቹ 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ተማሪ «ሥር የሰደደ ቀሪ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ሲቆጠር በፈቃድም ያለፈቃድም ብሎ አይለይም። ዓመቱ 180 የትምህርት ቀን ቢኖረው መስመሩ 18 ቀን ነው። የኛ ልጅ 15 ቀን ቀረ፣ 8 በመቶ አካባቢ ነው፤ ደህና ነው። ግን ከዚያ በፊት በጉንፋን አራት ቀን ቀርቶ ከነበረ 19 ሆነ፤ መስመሩን አለፈ። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በዓመቱ እስካሁን ስንት ቀን እንደቀረ መዝገብ ቤት ጠይቁ። ትምህርት ቤቱም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ርዕሰ መምህሩ መከልከል ይችላሉ?

ይችላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ልባቸው ቢፈቅድም እጃቸው የታሰረ ነው። በእንግሊዝ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ርዕሰ መምህር በትምህርት ጊዜ ፈቃድ የሚሰጠው ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ ተራ የቤተሰብ ሽርሽር እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ያለፈቃድ የወሰደ ወላጅ ላይ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ሌላ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር ለርዕሰ መምህሩ የተተወ ነው። በምትኖሩበት ቦታ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትጻፉ፣ ምክንያቱም ደብዳቤው የሚጻፈው በዚያ ደንብ ቋንቋ ነው። ደንቡ «ልዩ ሁኔታ» ካለ፣ ሁኔታው ለምን ልዩ እንደሆነና ለምን በእረፍት ጊዜ ሊሆን እንደማይችል ማስረዳት አለባችሁ። በናሙናው ላይ «በእረፍት ቀናት ብቻ ደርሶ መመለስ አይቻልም» የተባለው ለዚሁ ነው።

ጉዞው ለመዝናናት ነው። እውነቱን ልጻፍ ወይስ ልጁ ታሟል ልበል?

እውነቱን ጻፉ።

ሥነ ምግባሩን ለጊዜው እንተወውና ተግባራዊውን እንይ። ለሦስት ሳምንት ሕመም ትምህርት ቤት የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል። ወረቀቱ ከየት ይመጣል? የተጭበረበረ ማስረጃ ከቀሪ ቀን በጣም የከፋ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ፣ ምሥጢሩን የሚጠብቀው ልጅ ነው፤ ልጅ ደግሞ ተመልሶ በመጀመሪያው የእረፍት ሰዓት ስለ አውሮፕላኑ ማውራቱ አይቀርም። ፎቶውን አክስት ቀድማ ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። ከዚያ በኋላ በእውነት ሲታመም የሚያምናችሁ የለም።

እውነቱን በደረቁ መጻፍ ይቻላል። «አባቱ ሥራው በትምህርት ቤት የእረፍት ጊዜ ፈቃድ ስለማይሰጠው ቤተሰቡ በአንድ ላይ መጓዝ የሚችለው በዚህ ወቅት ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚያሳፍር የለውም። ቲኬት በዚያ ወቅት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከሆነ ግን… እንግዲህ እሱን የሚቀበል ርዕሰ መምህር ማግኘት ይከብዳል፤ የእረፍት ጊዜውን መጠበቅ ይሻላል።

ስለ ምክንያቱ ምን ያህል ልዘርዝር?

ትንሽ። የአያቱ የሕመም ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ በቤተሰቡ መካከል የነበረው ቅሬታ፣ ማን ማንን ለስንት ዓመት እንዳላየ፣ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ስንት ሰው እንደሚያነበው አታውቁም። ማስረጃ ከተጠየቀ የቲኬት ወይም የጥሪ ካርድ ኮፒ በአባሪነት ይበቃል።

ሌላው የሚጎዳ ነገር ልመናው ሲበዛ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ «እባክዎን፣ ስለ ፈጣሪ» የሚል ደብዳቤ ቀኖቹን ይቀብራቸዋል። በተቃራኒው «ልጄ ጎበዝ ስለሆነ አይጎዳውም» የሚለውም ጥሩ አይደለም፤ እናንተ በሌላችሁበት ሦስት ሳምንት የሚሰጠው ትምህርት ዋጋ የለውም እንደ ማለት ነው፣ ለዚያውም ለአስተማሪ።

የሦስት ሳምንቱን የቤት ሥራ መምህራኑ ቀድመው እንዲሰጡን መጠየቅ እችላለሁ?

መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። መምህር ከሦስት ሳምንት በኋላ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚሆን በትክክል አያውቅም። ክፍሉ ካልገባው ይደግማል፣ ከገባው ይሮጣል። ለአንድ ልጅ ብቻ የሦስት ሳምንት ጥያቄ ማዘጋጀት ደግሞ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ካዘጋጁም ልጁ ሳይነካው ተመልሶ ሲመጣ ስላዩ ልባቸው ቀዝቅዟል።

ቀላሉ ጥያቄ «የትኛውን ምዕራፍ ትሸፍናላችሁ?» ነው። ለዚህ መልስ ሁሉም አለው፤ ዓመታዊ ዕቅዳቸው ላይ ተጽፏል።

ትኩረታችሁን ሒሳብ ላይ አድርጉ። ልጁ ክፍልፋይ መደመርን የተማሩበት ሳምንት ካመለጠው፣ ሲመለስ ክፍሉ ክፍልፋይ ማባዛት ላይ ደርሶ ያገኘዋል፤ ዛሬ የሚባለው ያለ ትናንቱ አይገባውም። ታሪክ ወይም ጂኦግራፊ ላይ ያመለጠውን ምዕራፍ አንብቦ መድረስ ይችላል። ቋንቋ ከሆነ መጽሐፍ እያነበበ ከቆየ ብዙም አይጎዳም። በጉዞ ላይ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሒሳብ ከተሠራ ትልቅ ነገር ነው፤ ደብዳቤው ላይ «በየቀኑ ሁሉንም ትምህርት አስጠናዋለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ አታደርጉትም። ከጓደኛው ደብተር ፎቶ የሚልክላችሁ አንድ ወላጅ ቀድማችሁ ያዙ፣ እሱ ከሁሉ ይጠቅማል።

ፈተናውን ከመሄዱ በፊት ቢፈተን አይሻልም?

ለልጁ ሊሻል ይችላል፣ ለትምህርት ቤቱ ግን አይመችም። ፈተናው ገና አልተዘጋጀም፣ ከተዘጋጀም ጥያቄው ለሌሎች ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ከተመለሰ በኋላ የተለየ ፈተና መስጠት ይመርጣሉ። ፕሮጀክት ወይም ድርሰት ግን ቀድሞ ማስረከብ ሁልጊዜ ይቻላል፤ ናሙናው ላይ ሁለቱ የተለያዩት ለዚህ ነው። የማጠቃለያ ፈተና ወይም አገር አቀፍ ፈተና በመካከሉ ካለ ግን አትጻፉ፣ ጉዞውን አዙሩ። አገር አቀፍ ፈተናን ርዕሰ መምህር በሌላ ቀን ላስፈትን ቢል እንኳ አይችልም።

ደብዳቤውን አስገብቼ መልስ አላገኘሁም። ዝም ማለት መፍቀድ ነው?

አይደለም። ስታስገቡ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንደኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምላችሁ። በኢሜይል ከሆነ «ደርሶናል» የሚል መልስ ጠይቁ። በሳምንት ውስጥ ምላሽ ከሌለ በአካል ሂዱና «ደብዳቤዬ ተመርቷል ወይ?» በሉ። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው አልተከለከለም፣ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሌሎች ወረቀቶች ሥር ነው ያለው።

ከተፈቀደም በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። የተመራበትን ኮፒ ለክፍል ኃላፊው አሳዩ፣ የሒሳብ መምህሯንም አግኟት። ምሪቱ ከቢሮ ወደ ክፍል ሳይደርስ መንገድ ላይ መቅረቱ የተለመደ ነው።

ቢከለክሉንስ?

መጀመሪያ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ሳትቆጡ። ሙሉው ጉዞ ላይ ነው ችግሩ ወይስ አንድ ነገር ላይ? በኛ ምሳሌ ርዕሰ መምህሩ «15 ቀን አልፈቅድም፣ 10 ቀን ግን ይሁን» ሊሉ ይችላሉ። ያኔ አማራጭ አለ፦ አባት ቀድሞ ይሄዳል፣ እናትና ልጅ ሐሙስ ኅዳር 11 ይከተላሉ። ያ አምስት የትምህርት ቀን ያድናል፤ የሳይንስ ፕሮጀክቱንም ጠዋት አስረክቦ መሄድ ይቻል እንደሆነ ይጠየቃል። ተቀራራቢ ሐሳብ ይዞ ሁለተኛ ደብዳቤ የሚያስገባ ወላጅ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ተከልክሎም መሄድ የእናንተ ውሳኔ ነው፣ የሚያስከትለውን ግን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ፈተናው ዜሮ ይሆናል? ልጁ ከመዝገብ ይሰረዛል? አንዳንድ ቦታ ለተወሰኑ ተከታታይ ቀናት ያለ ፈቃድ የጠፋ ተማሪ ስሙ ይሰረዝና እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርበታል። ወረፋ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ቦታው ላይኖር ይችላል። ይሄ ከዜሮ ነጥብ በላይ ያሳስባል።

ድንገት ለቅሶ ደረሰብን፤ ለደብዳቤ ጊዜ የለም።

በዚያው ቀን ለክፍል ኃላፊው ወይም ለቢሮው አጭር መልእክት ላኩ፦ የልጁ ስም፣ ክፍል፣ የተፈጠረው ነገር፣ በግምት መቼ እንደምትመለሱ። ይበቃል። ሙሉውን ደብዳቤ ስትመለሱ ጻፉ። በሐዘን ጊዜ ማንም ርዕሰ መምህር ወረቀት አላስገባችሁም ብሎ አይቆምም፤ የሚያስቸግረው ለሁለት ሳምንት ምንም ድምፅ አለመኖሩ ነው።

እዚያ ሆነን ጉዞው ተራዘመ። ምን ላድርግ?

የተፈቀደው ቀን ሳያልቅ ጻፉ። አምስት መስመር ኢሜይል ወይም ልጁን በሚያውቅ ዘመድ እጅ የተላከ ወረቀት ይሆናል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀን ጥቀሱ፣ አዲሱን የመመለሻ ቀን ጻፉ፣ ስንት ተጨማሪ የትምህርት ቀን እንደሆነ ንገሩ፣ ለምን እንደተራዘመ በአንድ ዓረፍተ ነገር። የፈቃዱ ቀን ካለፈ በኋላ ያሉት ቀናት በራሳቸው ያለፈቃድ ሆነው ነው የሚመዘገቡት፣ ማንም ሆን ብሎ አይደለም።

እኔና አባቱ ተለያይተናል። የማን ፊርማ ያስፈልጋል?

ለትምህርት ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ በመዝገብ ላይ በአሳዳጊነት የተመዘገበው ወላጅ ፊርማ ይበቃል። የማሳደግ መብት የጋራ ከሆነ ሁለታችሁም ብትፈርሙ ትምህርት ቤቱን በመካከላችሁ ከመግባት ታድኑታላችሁ። ጉዞው ድንበር የሚያሻግር ከሆነ ደግሞ የሌላኛው ወላጅ የጉዞ ስምምነት ሊጠየቅ ይችላል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሰነድ ነው፣ የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አይተካውም።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃል?

አንድ ትምህርት ቤት ከሆኑ አንድ ደብዳቤ ላይ ሁለቱን ከነክፍላቸው መዘርዘር ይቻላል፣ ግን ፈተናቸው ስለሚለያይ የየራሳቸውን በየአንቀጹ ጻፉ፤ ግልባጩም ለሁለቱም የክፍል ኃላፊዎች ይሁን። የተለያየ ትምህርት ቤት ከሆኑ ለየብቻ።

ስንመለስ የሚቀር ነገር አለ?

አለ። በተመለሰበት ቀን ልጁን አድርሳችሁ የክፍል ኃላፊውን አግኙና የማካካሻ ፈተናውን ቀን ያዙ። «እናያለን» ከተባለ በዚያው ሳምንት ተመልሳችሁ ጠይቁ። የውጤት ማጠናቀሪያ ከደረሰ በኋላ ባዶ ሳጥን ወደ ዜሮ ይቀየራል።

ከዚያ የቀሪ መዝገቡን እዩ። 15ቱም ቀን «በፈቃድ» ተብሏል? አንዳንዴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምሪቱ ሳይደርስ ያለፈቃድ ተመዝግበው ይቀራሉ። የተፈረመበትን ኮፒ ይዛችሁ ስትሄዱ በደቂቃ ይስተካከላል። ካርድ ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን ለማስተካከልም ሌላ ማመልከቻ ይጠየቃል።

በእጅ ይጻፍ ወይስ በኮምፒውተር?

ሁለቱም ይሆናል። የሚነበብ ይሁን እንጂ፣ ፊርማው ግን በእጅ።